ከጨነቅ እስከ አምቢቆ በእግር፦ ሰዓቱን ከነዳገቱ ማስላት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለጥር ስድስት ሆነን ሰሜን ተራሮች ልንገባ ነው። ሁለቱ የአጎቴ ልጆች ከዋሽንግተን ነው የሚመጡት። ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የምንሄድበትን ቀን ሳስብ ግራ ገባኝ። መንገዱ 22 ኪሎ ሜትር ነው ተብያለሁ። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ ሳካፍለው አራት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የሰጡን ፕሮግራም ላይ ግን ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይላል። ደግሞም አምቢቆ ከጨነቅ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ታዲያ ቁልቁል አይደለም እንዴ የምንሄደው? እኔ ቁርስ በልተን በ3 ሰዓት ብንነሳ ይበቃናል ብዬ ነበር። ዳገትን ጨምሮ ሰዓት የሚገመትበት ቀላል ዘዴ ካለ ቢያሳዩኝ።

መልስ፦ በ3 ሰዓት እንዳትነሱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጨነቅ ውጡ። ምክንያቱን አሁን ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። ካሰላነው በኋላ አንተም ለሌላው ቀን ራስህ ታሰላለህ።

ማካፈልህ ልክ ነው። 22ን ለ5 ስታካፍል 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ግን ከቦሌ ወደ መገናኛ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ሂሳብ ነው። ተራራ ላይ እግርህ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንዱ ወደፊት መሄድ ነው። ሌላው የራስህን ክብደት ከነሻንጣህ ወደ ላይ ማንሳት ነው። አንተ ያሰላኸው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ በቁጥር ያስቀመጠልን ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ነው። በ1892 (በፈረንጆች) አንድ ቀን ሦስት ተራሮችን አከታትሎ ወጣ። 10 ማይል ሄደ፣ በድምሩ 6,300 ጫማ ወደ ላይ ወጣ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ይህንን በክለባቸው መጽሔት ላይ ሲጽፍ አንዲት አጭር ደንብ ጨመረበት። በካርታ ላይ ለእያንዳንዱ 3 ማይል አንድ ሰዓት ያዝ፤ ለእያንዳንዱ 2,000 ጫማ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር። ጥሩ አቋም ላለው ሰው፣ ለቀላል ጉዞ ነው ያላት። ይህንንም ቃል አስታውስ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እኛ በሜትር ነው የምንለካው። በሜትር ሲሆን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሆናል። እኔ መንገድ ላይ የምጠቀምበት ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ፣ ለ10 ሜትር ዳገት 1 ደቂቃ። ወረቀትም ስልክም አያስፈልግም። 3 ኪሎ ሜትር ሄደህ 200 ሜትር የምትወጣ ከሆነ 36 ደቂቃና 20 ደቂቃ ደምረህ 56 ደቂቃ ትላለህ። አበቃ።

ይህ ደንብ ሌላም ነገር ይነግርሃል። አንድ ሜትር ወደ ላይ መውጣት ሜዳ ላይ ስምንት ሜትር ከመሄድ ጋር እኩል ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። 300 ሜትር ዳገት ሲሉህ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ ተጨመረብኝ ብለህ አስብ።

አሁን ወደ ጨነቅ እንምጣ። አምቢቆ ዝቅ ያለ ነው ያልከው እውነት ነው። የጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አምቢቆ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ 420 ሜትር ነው፣ ወደ ታች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመነሻውን ከፍታ ከመድረሻው ይቀንስና «ዳገት የለበትም» ይላል።

መንገዱ ግን ቀጥታ አይወርድም። ከጨነቅ ስትነሳ መጀመሪያ ወደ ቧሂት ማለፊያ ነው የምትወጣው። እሱ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። 580 ሜትር ዳገት ማለት ነው። ከማለፊያው በኋላ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ትወርዳለህ። ወንዙ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ 1,400 ሜትር ቁልቁለት አለ። ወንዙን ተሻግረህ ወደ አምቢቆ እንደገና 400 ሜትር ትወጣለህ።

ስለዚህ ጠቅላላ ዳገትህ 580 እና 400፣ በድምሩ 980 ሜትር ነው። ቁልቁለቱ 1,400 ነው። በመሀል ያሉትን ትናንሽ ጉብታዎች ትቻቸዋለሁ። ጠቅላላ ዳገት ማለት ወደ ላይ የወጣኸው ሁሉ ድምር ነው። ቁልቁለቱ ከእሱ አይቀነስም። የወረድከው የወጣኸውን ድካም አይመልስልህም።

በናይስሚዝ እናስላው። 22 ኪሎ ሜትር በ12 ደቂቃ 264 ደቂቃ ይሆናል። 980 ሜትር ዳገት 98 ደቂቃ ይሆናል። ድምሩ 362 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። አንተ ካሰብከው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ጨመረ። ከፕሮግራሙ ግን ገና ሁለት ሦስት ሰዓት ይጎድለዋል። የጎደለው የት ሄደ?

አብዛኛው ቁልቁለቱ ውስጥ ነው ያለው። የናይስሚዝ ደንብ ስለ ቁልቁለት ምንም አይልም። መውረድን እንደ ሜዳ ነው የሚቆጥረው። ለስላሳ ቁልቁለት ከሆነ ይህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ከሜዳው ትፈጥናለህ። ከማለፊያው ወደ መሸሃ የሚወርደው ግን እንደዚያ አይደለም። ድንጋዩ ልቅ ነው። በጥር ደግሞ መሬቱ ደርቆ ትቢያው ከድንጋዩ ላይ እንደ ዱቄት ይተኛል። እግርህን ስታሳርፍ ይንሸራተታል። እያንዳንዱን እርምጃ የት እንደምታስቀምጥ እያየህ ነው የምትሄደው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጉልበትህ በላይ ያለው ጡንቻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቆመህ እንኳ ይንቀጠቀጣል። የኔ መንገደኞች ማለፊያው ላይ እየሳቁ ፎቶ ይነሱና ወንዙ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ከዳገቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘገይብኝ እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከናይስሚዝ በኋላ ኤሪክ ላንግሙር የተባለ ብሪታንያዊ የተራራ አስተማሪ ይህንን ጉድለት ሊሞላ ሞከረ። ለስላሳ ቁልቁለት ከሆነ፣ ማለትም ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ያዘነበለ፣ ለ300 ሜትር 10 ደቂቃ ቀንስ አለ። ከ12 ዲግሪ በላይ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ለ300 ሜትር 10 ደቂቃ ጨምር። 12 ዲግሪ ማለት 100 ሜትር ወደፊት ስትሄድ 21 ሜትር ገደማ የምትወርድበት ነው። በእኛ መንገድ 1,400 ሜትሩን በሙሉ ቀጥ ያለ ነው ብለን ብንይዝ 47 ደቂቃ ይጨመራል። 6 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ደረስን።

ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የትኛው ቁልቁለት ለስላሳ፣ የትኛው ቀጥ ያለ እንደሆነ በቁራጭ በቁራጭ ማወቅ አለብህ። ካርታ የማንበብ ልምድ ለሌለው ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ላንተ ሌላ ዘዴ ልስጥህ። በጀርመንና በአልፕስ አካባቢ ያሉ ተጓዦች የሚሠሩበት ነው። እኔ ለሰሜን ተራሮች ከሁሉም የማምነው እሱን ነው።

ሦስት ፍጥነቶች ያዝ። በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር። በዳገት በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ። በቁልቁለት በሰዓት 500 ሜትር ወደ ታች። ከዚያ የርቀቱን ጊዜ ለብቻ፣ የከፍታውን ጊዜ ለብቻ አስላ። ከሁለቱ ትልቁን ሙሉውን ውሰድ፣ ትንሹን ግማሹን ብቻ ጨምርበት። ግማሹ የሚቀረው ስትወጣም ስትወርድም መንገዱን አብረህ እየሄድከው ስለሆነ ነው። ሁለቱን በሙሉ ብትደምር አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ትቆጥረዋለህ።

የኛን መንገድ እንየው። ርቀቱ 22 ለ4 ሲካፈል 5 ሰዓት ተኩል ነው። ዳገቱ 980 ለ300፣ 3 ሰዓት ከ16 ደቂቃ። ቁልቁለቱ 1,400 ለ500፣ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። የከፍታው ድምር 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይሆናል። ትልቁ እሱ ነው፣ ሙሉውን እንወስዳለን። ከርቀቱ 5 ሰዓት ተኩል ግማሹን፣ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንጨምራለን። 8 ሰዓት ከ49 ደቂቃ።

ፕሮግራምህ ላይ የተጻፈው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ነበር። እነሱ ምናልባት በዚህ መንገድ አላሰሉትም፤ ዓመታት ሰው ይዘው ሲመላለሱ ያዩትን ነው የጻፉት። ሂሳቡና ልምዱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

«ታዲያ ናይስሚዝን ለምን አስተማርከኝ?» ትለኝ ይሆናል። ናይስሚዝ በጭንቅላት የሚሠራ ስለሆነ ነው። መንገድ ላይ ቆመህ «እዚያ ጫፍ ለመድረስ ስንት ይፈጅብናል?» ስትባል የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ደግሞ የምታገኘውን ቁጥር ምን እንደሆነ ካወቅክ አይጎዳህም። ጠንካራ ሰው፣ ቀላል ጭነት ይዞ፣ ጥሩ መንገድ ላይ፣ ሳያርፍ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ከዚያ በታች አትገባም ብለህ ያዘው። ስድስት ሰው ይዘህ ማታ የት እንደምታድር ስትወስን ግን በአልፕሱ ዘዴ አስላ።

8 ሰዓት ከ49 ደቂቃው የእግር ጊዜ ብቻ ነው። ማረፊያ አልገባበትም። ምሳ አለ፤ ማለፊያው ላይ መተንፈስ አለ፤ ወንዙ ጋ ጫማ አውልቆ እግር መንከር አለ። አንዱ ጫማው ይፈታል፣ አንዷ ውኃ ትፈልጋለች። ለስድስት ሰው እኔ ከአንድ ሰዓት አሳንሼ አልይዝም። ስለዚህ ከመነሻ እስከ መድረሻ 9 ሰዓት ከ49 ደቂቃ በል።

አሁን የ3 ሰዓቱን እቅድህን እንፈትነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትነሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ትደርሳላችሁ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በኛ አገር ደግሞ ማምሻው አጭር ነው። ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድንጋይና ጥላ አይለይም። ማለትም የመጨረሻዎቹን የአምቢቆ ዳገቶች፣ ደክማችሁ፣ በጨለማ ነው የምትወጧቸው። በ12 ሰዓት ተኩል ጠዋት ብትነሱ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ከ19 ትደርሳላችሁ። አንድ ነገር ቢበላሽ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን በእጃችሁ ይቀራል። ይህንን ትርፍ ጊዜ እንደ ገንዘብ ቆጥቡት።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ይህንን ትርፍ በልቼው አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ቡድኑ ቁርስ ላይ ተዘናጋ፣ እኔም መቆጣት ከበደኝና በ2 ሰዓት ተኩል ተነሳን። በልቤ ናይስሚዝን ብቻ አስልቼ «እንደርሳለን» አልኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር። ያ የመጨረሻው 400 ሜትር ዳገት ወረቀት ላይ 40 ደቂቃ ነው። እኛ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ለስድስት ሰው ሁለት ባትሪ ነበረን። አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷን ጠመዘዘችና ካምፕ ድረስ በበቅሎ ወሰድናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን ማታ ጽፌ፣ አንብቤላቸው ነው የማስተኛቸው።

ስለ አጎትህ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያለች ከተማ አይደለችም። ቧሂት ማለፊያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ገደማ ነው። አንተ አዲስ አበባ ላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለምትኖር ሰውነትህ በከፊል ለምዶታል። እነሱ አልለመዱም። ይህንን አንድም ደንብ አያሰላውም። ናይስሚዝ ያን ቀን የወጣቸው የስኮትላንድ ተራሮች የጨነቅን ካምፕ ሢሶ እንኳ ከፍታ የላቸውም። የአልፕሱም ዘዴ ከፍታን አይቆጥርም።

ስለዚህ ለእነሱ ዳገቱ ላይ ከ300 ይልቅ በሰዓት 250 ሜትር ያዝላቸው። ያኔ የከፍታው ጊዜ ወደ 6 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ያድጋል። ጠቅላላው የእግር ጊዜም ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ቡድን የሚሄደው በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ስለዚህ የሁላችሁም ሰዓት ይህ ነው። ጨነቅ ከመድረሳችሁ በፊት ሳንቃበርና ግጭ ካደራችሁ፣ ሦስት ቀን ከፍታ ላይ ከቆያችሁ በኋላ ልዩነቱ ይጠብባል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ግን ሰዓቱን ተወው። እሱ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ላይ አትውጡ።

ቁጥሮቹን ከየት እንደምታመጣም ልንገርህ፤ ሂሳቡ የሚበላሸው እዚያ ነው። ርቀቱን ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክተህ ከሆነ ታሳንሰዋለህ። መንገዱ ዳገቱ ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ማስመሪያው ቀጥ ይላል። ክር ይዘህ ጥምዝምዙን ተከትለህ ለካው። ወይም አስጎብኚህን በቀጥታ ኪሎ ሜትሩን ጠይቀው።

ዳገቱን ደግሞ ስልክ ከነገረህ በጥንቃቄ ያዘው። ስልክ ከፍታን የሚያነበው ትንሽ እያወዛወዘ ነው። አንዴ 3,618፣ አንዴ 3,624 ይልሃል። አንዳንዱ መተግበሪያ ይህንን መወዛወዝ ሁሉ እንደ ዳገት ይደምረዋል። ለማወቅ ቀላል ነው። ምሳ ላይ ስትቀመጥ «ጠቅላላ ዳገት» የሚለውን ቁጥር እየው፣ ስትነሳ እንደገና እየው። ቁጭ ብለህ 30 ሜትር ከወጣህ ቁጥሩ የተነፋ ነው። እንደዚህ ከሆነ ተወውና እኔ እንዳደረግሁት አድርግ። የመንገዱን ታላላቅ መታጠፊያዎች፣ ጫፎችና ወንዞች ከፍታ ብቻ ጻፍ። ከዚያ ሽቅቡን ለብቻ፣ ቁልቁሉን ለብቻ ደምር። እኛ ከላይ የሠራነው በአራት ቁጥር ብቻ ነው፦ 3,620፣ 4,200፣ 2,800፣ 3,200። በቂ ነበር።

የአገሬውን ሰው «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብለህ ብትጠይቅ «ቅርብ ነው፣ እዚያች ማዶ ናት» ይልሃል። እውነቱን ነው። ለእሱ ቅርብ ነው። ገበያ ለመውጣት ይህንን ማለፊያ ተሸክሞ የሚሻገር ሰው ነው። አብሯችሁ የሚሄደው ስካውትም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳያልበው ይወጣዋል። የእነሱን ሰዓት ለራስህ አትውሰድ። ይልቅ «እኛን የመሰለ ሰው ወደዚህ ሲመጣ መቼ ይደርሳል?» ብለህ ጠይቅ። ያኔ ትክክለኛውን ይነግሩሃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ግምት ማታ ተሠርቶ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰዓትህን የምታይበት መለኪያ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጨነቅ የተሻለ መንገድ የለም። መጀመሪያ ላይ ጥርት ያለ ምልክት አለው፦ ማለፊያው።

ከካምፑ እስከ ማለፊያው 6 ኪሎ ሜትር ነው ብለን እንያዝ፤ አስጎብኚህ ሌላ ቁጥር ከነገረህ እሱን አስገባ። ርቀቱ 6 ለ4፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከፍታውን ሁላችሁም ለምዳችኋል ብለን ከያዝን ዳገቱ 580 ለ300፣ አንድ ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ትልቁ ዳገቱ ነው። የርቀቱን ግማሽ፣ 45 ደቂቃ ጨምርበት። 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ። በ12 ሰዓት ተኩል ከተነሳችሁ 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ማለፊያው ላይ መሆን አለባችሁ። 15 ደቂቃ ካረፋችሁ 3 ሰዓት ከ26።

የቀረው 16 ኪሎ ሜትር፣ 1,400 ቁልቁለትና 400 ዳገት ነው። በተመሳሳይ መንገድ ስታሰላው 6 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል።

እንግዲህ ማለፊያው ላይ ስትደርሱ ሰዓት እዩ። 3 ሰዓት ከ11 ላይ ከሆናችሁ በእቅዱ ላይ ናችሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል በእግር ፈጅቶባችሁ፣ አንዴ ደግሞ 15 ደቂቃ አርፋችሁ 4 ሰዓት ከ15 ላይ ደረሳችሁ እንበል። የተገመተው 161 ደቂቃ ነበር፣ እናንተ 210 ፈጀባችሁ። 210ን ለ161 ስታካፍል 1.3 ይሆናል። ይህ የቡድናችሁ ቁጥር ነው። እናንተ ከግምቱ 30 በመቶ ትዘገያላችሁ ማለት ነው። የቀረውን 6 ሰዓት ከ8 ደቂቃ በ1.3 አባዛው፦ 8 ሰዓት ሊሞላ 2 ደቂቃ ይጎድለዋል። ለምሳ 45 ደቂቃ ጨምር። 12 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ምሽት ላይ ትደርሳላችሁ። ጨለማ ነው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ጨነቅ ላይ ተስማሙ። ማለፊያው ላይ ሳንደርስ 4 ሰዓት ካለፈ ወደ ጨነቅ እንመለሳለን፣ ነገ ማልደን እንደገና እንሞክራለን። ይህንን ማለፊያው ላይ ለመወሰን አትጠብቁ። እዚያ ላይ ሁሉም «እስከዚህ ወጥተን?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ እየወረድክ በሄድክ ቁጥር መመለሻህ 1,400 ሜትር ዳገት ይሆናል። ከማለፊያው በፊት መመለስ አንድ ቀን ያስጠፋል፤ ከማለፊያው በኋላ መመለስ ግን አይቻልም ማለት ይቀላል።

ይህንን የቡድን ቁጥር ደግሞ ጨነቅ እስክትደርሱ አትጠብቁለት። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት ግምቱን አስሉ፣ ስትደርሱ ያረፋችሁትን ቀንሳችሁ እውነተኛውን ጻፉ። አካፍሉት። 1.1 ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ እቅዱ እንዳለ ይቀጥል። 1.3 ከሆነ ግን ጨነቅ ላይ በ12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል በ11 ሰዓት ተኩል ነው የምትነሱት። እኔ የአንድ ቀን ብቻ ቁጥር አላምንም። የመጀመሪያው ቀን ሰው ደስታ አለው፣ ይፈጥናል። የሁለተኛውን ቀን ነው የምይዘው።

ከአምቢቆ በኋላ ራስ ደጀን አለ። ያንን አንተ አስላው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ልስጥህ። አምቢቆ 3,200፣ ጫፉ 4,550 ገደማ። 1,350 ሜትር ትወጣለህ፣ ያንኑ ትወርዳለህ። ርቀቱን ደርሶ መልስ 18 ኪሎ ሜትር ብለህ ጀምር፣ አስጎብኚህ ያርምልሃል። እኔ ሳሰላው በእግር 9 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው፤ ማረፊያው ሲጨመር ከ10 ሰዓት ያልፋል። ለዚህ ነው ሰዎች ከአምቢቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ የሚነሱት። ካንተ መልስ ጋር ካልተገናኘ የተጠቀምክባቸውን ቁጥሮች ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።